ራስ ወደ ታች

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን ስል ለመኩራራት አይደለም፤ ሐረር በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሰው ያመሰገነኝ በዚሁ ብቻ ስለሆነ ነው። ሐኪሞቹ የጻፉትን ራሳቸው ማንበብ ሲያቅታቸው ወደ እኔ ያመጡታል፣ እኔም ቁጭ ብዬ እገለብጠዋለሁ። የማዋለጃ ክፍሉ ካርድ፣ በሩ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ የሞተ ሕፃን መሸኛ ወረቀት ሳይቀር የእኔ ጽሑፍ ነበር። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ የሃያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ ቁጡ፣ አፌ የማያርፍ፣ ከእኔ በላይ ላሳር የምል።

ሴትየዋን መጀመሪያ ያየኋት በእርግዝና ክትትል ቀን ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ የምትኖር፣ ሃያ አራት ዓመት የሆናት፣ ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች ነበረች። አብረዋት ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ባሏ ነው፤ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፋ ዝምተኛ ሰው፣ አንገቱ ላይ ሜትሩን እንደጠመጠመ የመጣ። ሁለተኛዋ አክስቷ ናቸው። እናቷ ልጅ ሳለች ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በጀጎል ውስጥ ደግሞ የነፍሰ ጡር ሆድ በማሸት የታወቁ ሴት ነበሩ። ቀጫጫ፣ አጭር፣ ትልልቅ እጆች ያሏቸው።

ሆዷን የዳሰስኩት እኔ ነኝ። ከጎድን አጥንቷ ሥር ክብና ጠንካራ ነገር እጄ ላይ መጣ፤ ገፋ ሳደርገው ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይላል። ራስ ነው። ከታች በኩል ያለው ለስለስ ያለ፣ ከሰውነቱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ መቀመጫ ነው። የእንጨት ማዳመጫዬን ሳስጠጋም የልቡ ምት የተሰማኝ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ ነበር። ሠላሳ ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። እስከዚያ ጊዜ ያልዞረ ልጅ በራሱ የመዞር ዕድሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ ወደ ሐኪሙ ወሰድኳት።

ሐኪሙ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሌሎቹ ሐኪሞች ልጁ በመቀመጫው ከመጣ ቀደው ማውጣት ነበር የሚቀናቸው። እሱ ግን ከውጭ በእጅ ማዞርን በደንብ ተምሮ መጥቷል፣ እዚህም እንዲለመድ ይፈልጋል። ስለዚህ በማዞር የሚሆን ነገር ሁሉ የስሙ ጉዳይ ነበር። እኔ ደግሞ እሱ የሚፈልገውን ነገር ሁሉ እፈልግ ነበር፤ ምክንያቱን እዚህ ላይ አላብራራም፣ ምንም የተፈጠረም ነገር የለም።

በአልትራሳውንድ ካያት በኋላ ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

«ልጁ ተቀምጧል» አለ። «እግሮቹን አጣጥፎ በመቀመጫው ነው ያለው። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ አንገቱም ወደ ኋላ አልተቀለበሰም። አንቺ ከዚህ በፊት በሰላም ወልደሻል። ስለዚህ እንዲሁ በመቀመጫው መውለድም ይቻል ነበር። ግን ያንን የለመደ እጅ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት፣ የቀዶ ጥገናው ክፍልም ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ሁልጊዜ ይኖራል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ሁለተኛው ምርጫ ኦፕራሲዮን ነው።»

ኦፕራሲዮን ሲል ሴትየዋ አለቀሰች። ታላቅ እህቷ ባለፈው ዓመት በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሉ አመርቅዞ ረመዳንን ሙሉ ተኝታ ነው ያሳለፈችው። «ወላሂ፣ እኔ መቀደድ አልፈልግም» አለች። «ያለችኝን ልጅ ማን ያሳድግልኛል?»

«እንግዲያው መጀመሪያ እናዙረው» አለ ሐኪሙ። «አንዳንዱ ይዞራል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ካልዞረ ወይም ምጥ ላይ እግሩ ቀድሞ ከመጣ ኦፕራሲዮን እናደርጋለን። በዚህ እንስማማ።»

ተስማማች፤ ባሏም ፈረመ። የዚያች ሴት ምኞት ይኸው ነበር፤ ሳትቀደድ በሕይወት ያለ ልጅ ይዛ ቤቷ መግባት። ሌላ ምንም አልጠየቀችንም።

በማግስቱ ጠዋት አዞረው። እንግዴ ልጁ ከላይ መሆኑን፣ ልጁም አንድ ብቻ መሆኑን ደግሞ አረጋገጠ። ሽንቷን ሸናች፤ ማህፀኑን የሚያላላ መርፌ ወጋኋት። የደሟ ዓይነት ፖዘቲቭ ስለነበር ደሟ ከልጁ ደም እንዳይጋጭ የሚሰጠው መርፌ አላስፈለጋትም። ነገር ከተበላሸ ወዲያው እንድትገባ የቀዶ ጥገናው ክፍል ተዘጋጅቶ ነበር። ሐኪሙ ሆዷን ዘይት ቀባና መቀመጫውን በአንድ እጁ ከዳሌዋ አጥንት ላይ ከፍ አድርጎ አወጣው፤ በሌላው ራሱን ወደ ፊት እንዳጎነበሰ ወደ ታች ይገፋው ጀመር። ልጁ ወደ ፊት እንደሚንከባለል ሰው ነው የሚዞረው። በየመሃሉ እያቆመ፣ እኔ ልቡን እያዳመጥኩ፤ ጥሩ ነው ስል ይቀጥላል። አንዴ ምቱ ቀስ አለብኝና እጄን አነሳሁ። ሐኪሙ ወዲያው ለቀቀ፤ ጠበቅን፤ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲሞክር ሆዷ በአንድ ጎን አበጠ፣ ከዚያ ግልብጥ ብሎ ሄደ። ሴትየዋ ሳቀች።

አክስትየው ጥግ ላይ ቆመው አንዲት ነገር ሳያመልጣቸው ሲያዩ ነበር። «ማሻአላህ» አሉ። «እኛም እንዲሁ ነው የምናደርግ። ግን እኛ ልቡን አንሰማም። ስንቱን ልጅ ሳንሰማው ገፍተን ይሆን?»

ሐኪሙ ሳቀና «ይምጡ፣ ይንኩት» አላቸው። እጃቸውን ታጥበው መጡና ዐይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ። «ዞሯል» አሉ። እኔ በጣም ተናደድኩ። ሦስት ዓመት ተምሬ ያገኘሁትን ቦታ ለአንዲት ዘይት ቀቢ ሲሰጥ የቆምኩ መሰለኝ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ልጁ ደህና መሆኑን ለማየት ለአንድ ሰዓት ያህል አቆየናት። በሳምንቷ ተመልሳ ስትመጣ ሐኪሙ ራሱ ዳሰሳት። ራሱ ከታች ነው፣ ግን ዳሌዋ ውስጥ አልገባም፤ ገና ይንሳፈፋል።

«ሆዷ ልል ነው፣ ውሃውም በርከት ይላል» አለኝ። «እንዲህ ያለው በቀላሉ እንደዞረ በቀላሉ ሊመለስ ይችላል። ካርዱ ላይ ጻፊው፦ ምጥ ላይ ስትመጣ መጀመሪያ ይዳሰስ፣ ካልተረጋገጠ በአልትራሳውንድ ይታይ።»

ካርዱ ላይ የቀረው ቦታ ትንሽ ነበር። እሱ ያለውን ሁሉ ልጻፍ ብል መስመሩ ይጣበባል፣ ኅዳጉ ላይ ይወጣል፣ ያምር የነበረው ካርድ ይበላሻል። እኔ ደግሞ ኅዳግ ላይ አልጽፍም። በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ መሃል ላይ አድርጌ «ዞሯል። ራስ ወደ ታች» ብዬ ጻፍኩ። በጣም ያምር ነበር። የቀረውን በቃሌ አስታውሰዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምጥ ይዟት መጣች። ቅዳሜ ከየገጠሩ ሰው ስለሚገባ ክፍሉ ይሞላል። ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀናችን ነበር፤ በበርሜል የተቀመጠችውን በጆግ እየቀዳን ነው የምንታጠበው። ሦስት ሴቶች ምጥ ላይ አሉ። ሐኪሙ ምጥ ላይ ማህፀኗ የፈነዳ ሴት ከገጠር መጥታ እሷን ይዞ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመስኩም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለራሴ ጥብቅና ለመቆም ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆም ኖሬያለሁ፣ አልረታሁም።

አክስትየው ካርዱን ይዘው ቀደሙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ተመልሷል። ትናንት ወገቤን አመመኝ ብላ ዘይት ስቀባት አገኘሁት። ጭንቅላቱ ከላይ ነው። አቦ፣ ቶሎ እይልኝ።»

ካርዱን ከእጃቸው ነጠቅኩ። የራሴ ቀይ ጽሑፍ ፊት ለፊቴ አለ።

«ማን ንኪያት አለሽ?» አልኳቸው። እናቴን የሚያህሉትን ሴት አንቺ አልኳቸው። «ማንበብ ትችያለሽ? እዚህ ላይ ምን ይላል? እጅሽ ላይ አልትራሳውንድ አለ እንዴ?»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። የጽዳት ሠራተኛዋም ሳቀች። እኔ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ስለሚለኝ ጨመርኩበት፦ «ዘይትሽን ለሰላጣ አድርጊው።» ዘበኛውን ጠርቼ ከግቢው እንዲያወጣቸው ነገርኩት። ሲወጡም ወደ ሴትየዋ ዞረው «አትፍሪ፣ ትዳስስሻለች» አሏት።

አልዳሰስኳትም። ግማሽ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እጄን ላንሳ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን አሁን ብዳስስ ለአሮጊቷ የተሸነፍኩ መሰለኝ። ማዳመጫውን ከእምብርቷ በታች አስጠጋሁ፤ የለም። ወደ ጎን ወሰድኩት፤ የለም። ከእምብርቷ በላይ ሳደርገው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ስላገኘሁት ደስ አለኝ፣ ቁጥሩን ቆጥሬ ጻፍኩ። በውስጥ ስመረምራት የማህፀኗ በር ስድስት ሴንቲሜትር ተከፍቷል። የእንሽርት ውሃው ከረጢት ወጥሮ ከኋላው ያለውን ነገር በደንብ አላስነካኝም፤ ብቻ ሩቅ ነው፣ ለስላሳም ይመስላል። የራስ ቆዳ እብጠት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ካርዱ ላይ «አመጣጥ፦ ራስ» ብዬ ሞላሁ። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ፈሰሰ። ሴትየዋ ጮኸች። ብርድ ልብሱን ስገልጥ አንዲት እግር ወጥታለች፤ አምስት ጣት፣ ተረከዝ። ሌላዋም ተከተለች። ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። በመቀመጫ ወይም በእግር የሚመጣን ልጅ አትጎትትም። እጅህን ሰብስበህ ሐኪም ትጠራለህ፤ ከተጎተተ ክንዶቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ አገጩም ከደረቱ ይነሳና ራሱ ይሰነቀራል። የማህፀን በሩ ደግሞ ገና ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ቀጭን አካል ተከፍቶ ያላለቀ በር ውስጥ ያልፋል፣ ራስ አያልፍም። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋን ሐኪሙን ጥሪ ብዬ ላክኋት። ከዚያ ጎተትኩ። ለምን እንደጎተትኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት እንዲወጣ ፈልጌ ነው፤ ከወጣ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ወገቡ ወጣ፣ ሆዱ ወጣ፣ እትብቱ እጄ ላይ ይመታ ነበር። ክንዶቹ አልመጡም። ወንድ ነበር።

ሐኪሙ ጓንቱን በደም እንዳጨቀየ ሮጦ መጣ። ጓንት ቀይሮ ክንዶቹን አንድ በአንድ አወረደ። ልጁን ክንዱ ላይ አስተኝቶ ሁለት ጣቱን ጉንጮቹ ላይ አድርጎ ራሱን ለማጉበጥ ሞከረ፤ እኔን ከላይ በኩል ሆዷን ጫን እንድል አዘዘኝ። የማህፀኑ በር አንገቱን ይዟል። ሴትየዋ አክስቷን እየጠራች ነበር። ሐኪሙ በመጨረሻ በሩን በመቀስ ቆርጦ አወጣው። እጄ ላይ ይመታ የነበረው እትብት ከቆመ ቆይቷል። አየር ሰጠነው፣ ደረቱን ተጫንን፣ አልተመለሰም።

ከዚያ የተቆረጠችውን ለመስፋት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። ሳትቀደድ ቤቷ መግባት የፈለገችው ሴት ሕፃኗን አጣች፣ ቁስልም ተረፋት።

ማታ ሐኪሙን ቢሮው ውስጥ ካርዱን ፊቱ ዘርግቶ አገኘሁት።

«ስትገባ ማን ዳሰሳት?» አለኝ።

«እኔ።»

«ራስ ነበር?»

«ራስ ነበር» አልኩ።

ካርዱን እንደገና አነበበ። «እንድትጽፊው የነገርኩሽ የት አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«ያቺ አክስቷ አሽታታለች?»

ያን ጊዜ መንገዱ ተከፈተልኝ። «ትናንት ዘይት ቀብቼ አሽቻታለሁ ብላ በራሷ አፍ ነግራኛለች» አልኩ። ማሸት የሚለውን ቃል እኔ ነኝ የጨመርኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። ልብ ያለው ሰው ነበር፣ ግን ልጁ በራሱ ከተመለሰ ማዞሩ ነው የሚወቀሰው፤ ሌሎቹ ሐኪሞችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር። አሮጊቷ ካዞረችው ግን የማንም ጥፋት አይደለም። ሁለታችንም እኩል ተጠቀምንባቸው፤ አንዳችን ለሌላው ሳንነግር። የሞት ሪፖርቱን እሱ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦ «በባህላዊ አሺ በተደረገ ማሸት ምክንያት የጽንሱ አመጣጥ የተቀየረ።» ሞቱ በተገመገመበት ስብሰባ ላይ ያየው ሁሉ ጽሑፉን አመሰገነ።

ባልየው አስከሬኑን ሊወስድ ሲመጣ ሪፖርቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። አማርኛ ማንበብ ስለማይችል አስደገመኝ። ደገምኩለት። ልጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሜትሩ እንደ ሁልጊዜው አንገቱ ላይ እንዳለ ወጣ።

የቀረውን ከሰው ሰማሁ። ባልየው አክስትየው ዳግመኛ ደጃፌን እንዳይረግጡ ብሏል። ሴትየዋም፣ ያሳደጓት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ አፏን ዘጋችባቸው። ጀጎል ጠባብ ነው፤ አንዱ ግንብ ሥር የተነገረ ሌላው ጋ ይሰማል። ሴቶች ሆዳቸውን ለእሳቸው እጅ መስጠት አቆሙ። ስንት ዓመት በራቸው ላይ ወረፋ ይያዝላቸው የነበሩት ሴት በአንድ ወር ውስጥ ልጅ የገደሉ ተባሉ። እኛም ለክትትል የሚመጡትን እናቶች ስናስተምር እንደ ምሳሌ አነሳናቸው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ በሁለተኛው ዓመት ተዛወረ። እኔ ቆየሁ፤ ኃላፊ ሆንኩ። ካርድ ሳላይ ሆድ የምዳስስ ሆንኩ፤ ተማሪ መጀመሪያ ካርድ ካነበበ እጁን በማስመሪያ እመታዋለሁ። ጥብቅ ናት ይሉኛል።

አክስትየውን ያገኘኋቸው ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሸዋ በር፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው ሎሚ ይሸጣሉ። አላወቅኋቸውም፤ ያወቅኩት እጆቻቸውን ነው። ላልፍ ስል ቀና አሉ።

«ሲስተር» አሉኝ። «አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ እማማ» አልኩ። እማማ አልኳቸው።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሳቸው ግን በሸማቸው ጫፍ እጃቸውን ጠርገው ጠጋ እንድል ምልክት ሰጡኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ወላሂ፣ እኔ ያኔ አላሸሁትም። ዘይት ቀብቼ ስነካው ጊዜ ጭንቅላቱን ከላይ አገኘሁት፣ በቃ። እንዲያ ነው የማስታውሰው። ግን አሁን አርጅቻለሁ። ሌት ተኝቼ፣ እጄ ሳላውቀው ገፍቶት ይሆን እላለሁ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እዚያም ነበርሽ። በእጄ ነው የዞረው? ንገሪኝና ልረፍ።»

የታክሲው ረዳት «ስታዲየም! ስታዲየም!» እያለ ይጮሃል። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው። አይደለም ብል፣ ካርዱን፣ ቀይ ጽሑፉን፣ ያልተዳሰሰውን ሆድ ሁሉ ማውጣት አለብኝ። ሴትየዋ በሕይወት አለች፣ ባሏም አለ፣ የእኔም ወንበር አለ።

«ሊሆን ይችላል እማማ» አልኩ።

እጆቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው፤ መጀመሪያ ውስጡን፣ ቀጥሎ ጀርባውን። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጆንያው ላይ ደህና ደህናውን ሎሚ እየመረጡ በፌስታል ሞሉልኝ።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉ። «እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሎሚውን ተቀብዬ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።